«እናት ኩባንያችሁ ማን ነው?»፦ አዳማ ላይ የደረሰ አንድ ኢሜይል

ኢሜይሉ የደረሰው ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወደ 9 ሰዓት ግድም ነው። የሰዎቹንና የድርጅቶቹን ስም አውጥቼ ቀሪውን እንዳለ ላስቀምጠው።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ላይ ስላስተዋወቃችሁት አዲስ የፓስታ ብራንድ አጭር ዜና እየሠራሁ ነው። ሁለት ነገር ብታረጋግጡልኝ። አንደኛ፣ እናት ኩባንያችሁ በመድረኩ ላይ ስሙ የተነሳው ግሩፕ ነው? ሁለተኛ፣ ዘርፋችሁን ‹ግብርና› ብዬ ልጻፍ ወይስ ሌላ የምትሉት አለ? ጋዜጣው ነገ ማታ ማተሚያ ቤት ስለሚገባ እስከ ነገ ቀን 6 ሰዓት መልስ ባገኝ ደስ ይለኛል።»

ለንባብ እንዲመች ድርጅቶቹን በሥራቸው ልጥራቸው። አንደኛው «ፋብሪካው» ነው፤ አዳማ ላይ ዱቄትና ፓስታ ያመርታል። ሁለተኛው «አከፋፋዩ» ነው፤ የፋብሪካውን ምርት ለጅምላ ነጋዴ ያደርሳል፣ ሌላም ሸቀጥ ይሸጣል። ሁለቱም ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበራት ናቸው። ሦስተኛው «ግሩፑ» ነው። እሱ ምን እንደሆነ ቀስ ብለን እናየዋለን። እኔ የፋብሪካውን የሕዝብ ግንኙነት ሥራ የማግዝ ሰው ነኝ።

ኢሜይሉን መጀመሪያ ያየው የሽያጭ ኃላፊው ነው። መልሱንም በስልኩ ጽፎ ጨርሷል። «አዎ ነው። ግብርናም ልክ ነው። እናመሰግናለን።» ከመላኩ በፊት አሳየኝ። አልፈርድበትም። ብራንድ ለማስተዋወቅ ገንዘብ እየፈሰሰ ባለበት ሳምንት ጋዜጣ በነፃ ሊጽፍልህ መጥቷል። ጥያቄው ደግሞ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚፈልግ ይመስላል። «ለዚህች ደግሞ ስብሰባ እንዳትጠራ» አለኝ እየሳቀ።

እኔን ያስቆመኝ የግሩፑ ስም ነው። በመድረክ ላይ ሰምቼዋለሁ። የፋብሪካው መሥራችና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ጋሼ ቢዝነስ ካርድ ላይም አይቼዋለሁ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላይ ግን አይቼው አላውቅም።

ከሁሉ በፊት የላኪው ማንነት መጣራት ነበረበት። አድራሻው የጋዜጣው ሳይሆን የጂሜይል ነው። ይህ ብቻውን አያጠራጥርም፤ እዚህ አገር በግል ጂሜይሉ የሚሠራ ጋዜጠኛ ሞልቷል። አጭበርባሪም የሚሠራው በጂሜይል መሆኑ ነው ጣጣው። ስለ ባለቤትነት የሚጠይቅ መልእክት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው። ዛሬ እናት ኩባንያው ማን እንደሆነ በትሕትና ይጠይቃል። መልሱን ካገኘ በኋላ በዚያው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ስም ለፋይናንስ ክፍሉ «ይህችን ክፍያ ዛሬ አስገቡልኝ» የሚል ኢሜይል ይልካል። የፋይናንስ ሠራተኛዋም አለቃ አዘዘ ብላ ልትከፍል ትችላለች።

ስለዚህ በኢሜይሉ ግርጌ የተጻፈውን ስልክ ትቼ፣ ጋዜጣው ራሱ ላይ የታተመውን የዝግጅት ክፍል ስልክ ደወልኩ። «አዎ፣ የኛ ልጅ ነው፤ የቢዝነስ ገጹን የሚሠራው እሱ ነው» አሉና አገናኙኝ። እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ጠየቅሁት። ግሩፑን እናት ኩባንያ ያልከው ከምን ተነስተህ ነው? ባነሩ ላይ ስላየሁና የመድረክ መሪው ስለተናገረ ነው አለኝ። የዘርፉ ጉዳይስ? ዜናው ድረ ገጽ ላይ ሲጫን የዘርፍ መለያ ካልተመረጠ ሲስተሙ አያሳልፍም፤ መለያዎቹም የተወሰኑ ናቸው። «ግብርና» ያለው በዝግጅቱ ላይ «ከማሳ እስከ ማዕድ» ሲባል ሰምቶ ነው።

ይህ ስልክ ብዙ ነገር አቀለለ። ጋዜጠኛው ከራሱ ያመጣው ነገር የለም። ሁለቱንም ግምቶች ያገኘው ከእኛው መድረክ ነው። ስንመልስለት ደግሞ በተዘዋዋሪ የራሳችንን ባነር እያረምን መሆኑ ነው።

ከዚያ ጋሼ ቢሮ ገባን። ልጃቸው ፋይናንሱን ትመራለች። ካዝናው ተከፍቶ ጥቁሩ ማኅደር ወጣ።

መጀመሪያ ያየነው የንግድ ምዝገባውን ምስክር ወረቀትና የንግድ ሥራ ፈቃዱን ነው። የፋብሪካው ስም፣ አድራሻ፣ ካፒታልና የሥራ አስኪያጁ ስም አለ። የግሩፑ ስም የለም። የአከፋፋዩንም አየን፤ እዚያም የለም። «ጋሼ፣ ግሩፑ የት ነው የተመዘገበው?» አልኳቸው። ጋሼ ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ ሳቀች። «አባዬ ስሙን የወደደው ለካርዱ ነው እንጂ የተመዘገበ ነገር የለም» አለች።

የንግድ ፈቃድን እውነተኛነት ማንም ሰው በቲን ቁጥር etrade.gov.et ላይ ማየት ይችላል። ግሩፑ ግን ፈቃድ ይቅርና ቲንም የለውም። ጋዜጠኛው በአጋጣሚ ለማጣራት ቢሞክር ምንም አያገኝም። እኛ ደግሞ በጽሑፍ «አዎ፣ እናት ኩባንያችን ነው» ብለን ብንሰጠው ኖሮ፣ የሌለ ድርጅት የእኛ ባለቤት ነው ብለን ፈረምን ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሕጉን ነገር ባጭሩ ላንሳ። ከ1952ቱ የንግድ ሕግ በኋላ የመጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ስለ ኩባንያዎች ቡድን ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እዚያ ቡድን የሚባለው አንዱ ሌላውን በሚቆጣጠርባቸው ኩባንያዎች መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ቡድኑ ራሱ ውል የሚዋዋል፣ የሚከስና የሚከሰስ ሰውነት የለውም። እናት ኩባንያ ግን አንድ የተወሰነ፣ ስምና ምዝገባ ያለው ድርጅት ነው። ሌላውን የሚቆጣጠር መሆን አለበት። ዋናዎቹ መለኪያዎች ከግማሽ በላይ ድርሻ ወይም ድምፅ መያዝ፣ ወይም አብዛኞቹን አመራሮች የመሾምና የመሻር ሥልጣን ናቸው። ስለዚህ የጋዜጠኛውን ጥያቄ ለመመለስ ማየት ያለብን የድርሻ ክፍፍሉን ነው።

የመመሥረቻ ጽሑፉን ገለጥን። በፋብሪካው ውስጥ ጋሼ 45 በመቶ፣ ወንድ ልጃቸው 15 በመቶ፣ ልጅቷ 10 በመቶ፣ አከፋፋዩ ደግሞ እንደ ድርጅት 30 በመቶ አላቸው። ከግማሽ በላይ የያዘ ማንም የለም። አከፋፋዩ በ30 በመቶ እናት ኩባንያ አይሆንም፤ ባለድርሻ ነው።

የሽያጭ ኃላፊው ቶሎ ያዘኝ። «አከፋፋዩም እኮ የጋሼ ነው። ታዲያ ሁለቱንም የሚያዙት እሳቸው አይደሉም?» ልክ ነው። አከፋፋዩ ውስጥ ጋሼ ከግማሽ በላይ አላቸው። የራሳቸው 45 ላይ አከፋፋዩ የያዘው 30 ሲጨመር በፋብሪካውም የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ድርጅቶች የሚቆጣጠረው ሰው ግን አንድ ግለሰብ ነው፤ ግለሰብ እናት ኩባንያ አይባልም። እንዲህ ያሉትን ሰዉ «እህት ኩባንያዎች» ይላቸዋል። አባባሉም ይገልጻቸዋል፤ እናት ሳይኖራቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ይሄ ልዩነት ለጋዜጣ አንባቢ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ለባንክ ግን ትልቅ ነገር ነው። ፋብሪካውም አከፋፋዩም ከአንድ ባንክ ብድር አለባቸው። ባንክ እርስ በርስ የተያያዙ ድርጅቶችን ብድር ደምሮ ሊያይ ይችላል። የብድር ጠያቂው ፎርም ላይ «ተዛማጅ ድርጅቶች» የሚል ቦታ አለ፤ ልጅቷ ሞልታዋለች። እዚያ የሞላችውና ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ካልተገጣጠሙ፣ የብድር ኦፊሰሩ ጋዜጣውን ይዞ ይመጣል። ግብር ሰብሳቢውም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው ለአከፋፋዩ የሚሸጥበት ዋጋ ከሌላ ደንበኛ ዋጋ ጋር የሚነጻጸረው ሁለቱ ስለሚዛመዱ ነው።

እስከዚህ ድረስ መልሱ ቀላል መስሎ ነበር። «ግሩፑ የተመዘገበ ድርጅት አይደለም፣ እናት ኩባንያ የለንም።» ልጽፍ ስል ልጅቷ «አንድ ነገር አለ» አለች። ከማኅደሩ ሥር አንድ ቃለ ጉባኤ አወጣች።

ጋሼ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ነገሩን በአንድ ጥላ ሥር ማድረግ ፈልገዋል። ብራንዱ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በተደረገ የአባላት ስብሰባ፣ ጋሼ ከያዙት 45 በመቶ ላይ 25ቱን ለአከፋፋዩ እንዲያስተላልፉ ተወስኗል። ሲጠናቀቅ ጋሼ 20፣ አከፋፋዩ 55 ይሆናል። ያኔ አከፋፋዩ በእውነት እናት ኩባንያ ነው። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። ሰነዱ ውልና ማስረጃ ገብቷል። የንግድ ምዝገባው ላይ ግን ገና አልተስተካከለም።

እንግዲህ አስቸጋሪው ቦታ ይሄ ነው። ዛሬ «እናት ኩባንያ የለንም» ብንል በምዝገባው መሠረት እውነት ነው። ጋዜጣው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ምዝገባው ይለወጣል። ያኔ ጋዜጠኛው «እያወቃችሁ ነው የዋሻችሁኝ» ቢል ምን እንላለን? በሌላ በኩል «እናት ኩባንያችን አከፋፋዩ ነው» ብንል ደግሞ ገና ያልሆነውን ሆነ ብለን ተናገርን። መዝገቡን የሚያይ ሰው 30 በመቶ ያገኛል።

ጋሼ ሦስተኛ መንገድ አመጡ፤ ዝም ማለት። የግል ማኅበር ለጋዜጠኛ የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ መረጃ የመስጠት ግዴታ ያለባቸው የመንግሥት አካላት ናቸው። ይህን አውቃለሁ። ዝም ካልን ግን ዜናው አይቀርም። ጋዜጠኛው ባነሩን አምኖ ይጽፋል፣ ከሥር «ድርጅቱ ለጥያቄያችን ምላሽ አልሰጠም» ይልና የተሳሳተው ነገር በእኛ ዝምታ ይጸናል። ከወጣ በኋላ ማረም ይቻላል፤ ግን ዜናውን ያነበበ ሁሉ እርማቱን አያነብም።

ክርክሩ ረዘም አለ። ጋሼ ያልተጠናቀቀ የቤተሰብ ጉዳይ ለምን ጋዜጣ ላይ ይወጣል አሉ። ልክ ናቸው። ልጅቷ ደግሞ «ቀኑን እንጻፍበት» አለች። መልሱ «ዛሬ ባለው ምዝገባ» ብሎ ይጀምር፣ በሂደት ላይ ያለ የድርሻ ለውጥ እንዳለ ይንገር፣ ቁጥር ግን አይጥቀስ። ቁጥሩና ከማን ወደ ማን የሚለው ሲመዘገብ ይወጣል። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ የምታፍሩበት ነገር እንዳትጽፉ ብቻ» አሉ።

እኔ በዚህ ውሳኔ እስማማለሁ። ዋናው ነገር ያለውን ካልሆነው መለየት ነው። ባነር ላይ ያለ ስም፣ በምዝገባ ላይ ያለ ለውጥና የተመዘገበ ድርሻ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጋዜጠኛው የሚያስፈልገው ሦስተኛው ነው፤ ሁለተኛው እየመጣ መሆኑን ማወቅ ግን መብቱ ባይሆንም ይጠቅመዋል።

በዚህ መሀል የሽያጭ ኃላፊው ከመደርደሪያ አንድ ባለ ግማሽ ኪሎ ፓስታ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ይሄስ?» አለ። ጀርባውን አየነው። «አምራች» የሚለው ላይ የፋብሪካው ስምና አዳማ የሚለው አድራሻ አለ። ከሱ ሥር «ብቸኛ አከፋፋይ» ይልና የአከፋፋዩ ስም ይከተላል። ከሁሉ ሥር፣ ከባርኮዱ አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል የግሩፑ ስም «ምርት» ከሚል ቃል ጋር ተጽፏል። ይህን ያስገባው ዲዛይነሩ ነው፤ ከጋሼ ካርድ ወስዶ። የከተማው ሱቅ ሁሉ ውስጥ ገብቷል።

በዚያው የንግድ ምልክቱን ነገር አነሳን። ብራንድ የማን ነው የሚለውና እናት ኩባንያ ማን ነው የሚለው በጣም ይምታታሉ። የንግድ ስም የሚመዘገበው በንግድ ቢሮ ነው። የንግድ ምልክት ግን የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ፓስታ በዓለም አቀፉ አመዳደብ ክፍል 30 ውስጥ ይገባል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን ይታደሳል። የዚህን ብራንድ ማመልከቻ ያስገባው ፋብሪካው አይደለም፤ አከፋፋዩ ነው። ፋብሪካው በፈቃድ ያመርታል። ስለዚህ ጋዜጠኛው «ብራንዱ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አከፋፋዩ ይሆን ነበር። እሱ ግን የጠየቀው ስለ ፋብሪካው ባለቤትነት ነው። የምልክቱ ባለቤት የፋብሪካው ባለቤት ነው ማለት አይደለም። ሰው በውል የሌላውን ብራንድ ያመርታል፤ ይህ በምግብም በሳሙናም የተለመደ ነው። ስላልተጠየቅን ግን በመልሱ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጠነው፤ አለበለዚያ ማሸጊያውን አይቶ ሌላ ግምት ውስጥ ይገባል።

ወደ ዘርፉ እንምጣ። ይሄኛው ያን ያህል አልከበደም። ፋብሪካው ከአርሲ በኩል ካሉ የገበሬ ማኅበራት ዱረም ስንዴ ይገዛል። «ከማሳ እስከ ማዕድ» የመጣው ከዚህ ነው። ስንዴ መግዛት ግን ማረስ አይደለም። ፋብሪካው አንድ ጥማድ መሬት የለውም። የንግድ ሥራ ፈቃዱ የሚለው ዱቄት ማምረትና ፓስታና ማካሮኒ ማምረት ነው። የአገራችን የፈቃድ መደቦች የሚከተሉት ዓለም አቀፉ የኢንዱስትሪ አመዳደብም ሁለቱን ከአምራች ኢንዱስትሪ ውስጥ ነው የሚያስገባቸው። እህል መፍጨት 1061፣ ፓስታና መሰሎቹን ማምረት 1074 ነው። ስንዴ ማብቀል ያለው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

የሽያጭ ኃላፊው «ግብርና ማቀነባበሪያ» የሚለው ይሻላል አለ። ስህተት አይደለም፤ የመንግሥት ሰዎችም ይሉታል። ችግሩ መለያው ውስጥ «ግብርና» የሚለው ብቻውን ቢቀር ነው። ያኔ ፓስታ ፋብሪካው ከትራክተርና ከማዳበሪያ ዜና ጋር ይሰለፋል። ተፎካካሪዎቹ ደግሞ «ምግብና መጠጥ» ሥር ይነበባሉ። ገዢውም፣ ባንኩም፣ ሥራ ፈላጊውም የሚፈልግህ እዚያ ነው። ስለዚህ በፈቃዱ ላይ ያለውን ሥራ በግልጽ ጻፍን፣ ከመለያዎቹም የሚቀርበውን ጠቆምን።

አንድ ነገር ደግሞ ከለከልን። የፋይናንስ ረዳቱ በጎ ልብ ይዞ የንግድ ፈቃዱንና የመመሥረቻ ጽሑፉን ስካን አድርጎ ሊያያይዝ ተዘጋጅቶ ነበር። ጋዜጠኛው ይህን አልጠየቀም። መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የቤተሰቡ አባላት ሙሉ ስም፣ አድራሻና ፊርማ አለ። ፊርማ ያለበት ሰነድ በኢሜይል ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። ማረጋገጥ ከፈለገ ፈቃዱን ራሱ ድረ ገጹ ላይ ማየት ይችላል።

የተላከው መልስ ይህ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን። በመድረኩ ላይ የተጠቀሰው ግሩፕ የተመዘገበ ድርጅት ባለመሆኑ እናት ኩባንያ ተብሎ ባይጻፍ እንመርጣለን። ቤተሰቡ ያሉትን ድርጅቶች በጋራ የሚጠራበት ስም ነው። ፋብሪካችን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ዛሬ ባለው የንግድ ምዝገባ መሠረት ከግማሽ በላይ ድርሻ የያዘ ሌላ ድርጅት የለም። በምዝገባ ሂደት ላይ ያለ የድርሻ ለውጥ ስላለ፣ ሲጠናቀቅ በጽሑፍ እናሳውቅዎታለን። ፓስታውን የሚያመርተው ፋብሪካችን ሲሆን፣ የንግድ ምልክቱ በእህት ኩባንያችን፣ በአከፋፋዩ ስም ለምዝገባ ቀርቧል። ዘርፋችን ዱቄትና ፓስታ ማምረት ነው። ከመለያዎቻችሁ ‹ምግብና መጠጥ› ወይም ‹አምራች ኢንዱስትሪ› የሚለው ይገልጸናል። ይህን መልስ በድርጅቱ ስም መጥቀስ ይችላሉ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሆን ተብላ የገባች ናት። ጋዜጠኛ የላክኸው ነገር በስምህ ይጠቀስ ወይስ ለመረጃ ያህል ብቻ እንደሆነ ካልነገርከው ራሱ ይወስናል። ከኢሜይሉ በታች የሥራ አስኪያጁ ሳይሆን የእኔ ስምና ስልክ ገባ፤ ለተጨማሪ ጥያቄ ጋሼን እንዳያስቸግሩ። ከመላኩ በፊት ግን ጋሼና ልጃቸው ቃል በቃል አንብበው «ይሂድ» ብለዋል። ረቡዕ ጠዋት ተላከ።

ጋዜጠኛው አንድ ጥያቄ ብቻ መለሰ። «የድርሻ ለውጡ አከፋፋዩን የሚመለከት ነው ብዬ ብጽፍ ልክ ነው?» ጥሩ ጋዜጠኛ ነው፣ መስመሩን አንብቦታል። «እስኪመዘገብ ድረስ ከላይ ከሰጠነው የሚጨምር ነገር የለንም» አልነው። ውሸት አልነገርነውም፣ ልቅም አልሆንም። እሱም አልጻፈውም።

የታተመው ጋዜጣ ላይ ዜናው ልክ ነበር። ርዕሱ ላይ «የአዳማው ዱቄትና ፓስታ አምራች» ይላል፣ ግሩፑ የለም። ድረ ገጹ ላይ ግን መለያው «ግብርና» ሆኖ ቀርቷል። ምናልባት ቀድሞ ሞልቶት ይሆናል። ደውለን ነገርነው፣ በዚያው ቀን ተስተካከለ። ይህን የምናገረው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። መልስ ልከህ መተኛት አይቻልም። የወጣውን በወረቀትም በድረ ገጽም ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲጋራ የሚወጣው አጭር መግለጫም ሌላ ሰው የሚጽፈው ሊሆን ይችላል።

ሌላ አንድ የቴሌግራም ቻናል ደግሞ እኛን ምንም ሳይጠይቅ «የግሩፑ አዲስ ፓስታ» ብሎ ለጠፈ። ምንጩን ስንፈልግ የራሳችን ፌስቡክ ገጽ ሆኖ ተገኘ። «ስለ እኛ» የሚለው ቦታ ላይ ፋብሪካው የግሩፑ አባል እንደሆነ ተጽፏል። ገጹን የከፈተው ከሁለት ሽያጭ ኃላፊ በፊት የነበረ ሰው ነው፤ የይለፍ ቃሉን ለማግኘት የፈጀው ጊዜ ኢሜይሉን ለመመለስ ከፈጀው በለጠ። ገጹ ሲታረም ቻናሉም በትሕትና ሲጠየቅ አስተካከለ። ሰው የድርጅትህን መረጃ የሚወስደው ከሚያገኘው ቀላል ቦታ ነው፤ የንግድ ምዝገባ መዝገብ የሚከፍት ብዙ አይደለም።

የድርሻ ዝውውሩ ምዝገባ ሲያልቅ ለጋዜጠኛው ቃል በገባነው መሠረት ጻፍንለት። አሁን አከፋፋዩ 55 በመቶ ይዟል፣ እናት ኩባንያ ብሎ መጻፍ ይቻላል አልነው። ዜና አልሠራበትም፤ «ተቀብያለሁ፣ በመዝገቤ አስተካክላለሁ» ብሎ መለሰ። ያው መልእክት ወደ ባንኩም ሄደ፤ ልጅቷ የተዛማጅ ድርጅቶቹን ፎርም አድሳ አያይዛዋለች።

የቀረው ማሸጊያው ነው። የፓስታ ፕላስቲክ በትልልቅ ጥቅል አስቀድሞ ታትሞ ስለሚመጣ መጣሉ ኪሳራ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የማተሚያ ሲሊንደር ስላለው፣ ጽሑፉ ያለበትን የጥቁሩን ሲሊንደር ብቻ ማስቀየር እንደሚበቃ ማተሚያ ቤቱ ነግሮናል። ትዕዛዙ ተሰጥቷል። የያዝነው ጥቅል እስኪያልቅ ድረስ ግን ግሩፑ ከባርኮዱ አጠገብ እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ኢሜይል ደግሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። የመልሱ ቅጂ ልጅቷ ጋ ነው፤ ቀኑ ብቻ ይቀየራል፣ የድርሻውም ዓረፍተ ነገር አዲስ ሆኗል።